የ20 በመቶው ገደብ ምን ይለካል? ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤትና ለአካዳሚክ ሥነ ምግባር ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በኤአይ መለያ መሣሪያ ውጤት ላይ የተመሠረተው የመመረቂያ ጽሑፍ አቀባበል መመሪያ እንዲታገድና እንዲሻሻል ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና የኮሚቴው አባላት፦

በዚህ የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ ያዋላችሁት መመሪያ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ለፈታኞች ከመላኩ በፊት በኤአይ መለያ መሣሪያ እንዲፈተሽ ያዝዛል። ጽሑፉን ማሽን ጽፎታል የሚለው የመሣሪያው ውጤት ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ጽሑፉ ለተማሪው ይመለሳል፤ ተማሪው «አስተካክሎ» ድጋሚ ያስገባል፤ በድጋሚም ከገደቡ ካለፈ ጉዳዩ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመራል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የጥናት አማካሪዎችና የቋንቋ ቴክኖሎጂ መምህራን ነን። ሌላው የጻፈውን የራስ አስመስሎ ማቅረብ እንዲቀጣ እኛም እንፈልጋለን። የምንቃወመው መመሪያው ማስረጃ አድርጎ የያዘውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አይለካም። አንድን ጽሑፍ በፓራፍሬዘር፣ ማለትም ሐሳቡን ጠብቆ ቃላቱን በሚለዋውጥ መሣሪያ፣ አሳልፈን፣ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ተርጉመን መልሰን ስናመጣው ደራሲው አይለወጥም፤ ቁጥሩ ግን ይለወጣል። የሚለወጠውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ የማሽኑን ጽሑፍ ከገደቡ በታች ሲያወርድ፣ የሰውን ጽሑፍ ከገደቡ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ቅሬታዎቻችንን ከማቅረባችን በፊት መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ማስረዳት ይኖርብናል፤ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነውና።

የቋንቋ ሞዴል፣ እንደ ቻትጂፒቲ ካሉ ጽሑፍ አመንጪዎች በስተጀርባ ያለው ፕሮግራም፣ አንድን ጽሑፍ ሲያነብ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቀጥሎ ሊመጡ ለሚችሉ ቃላት ሁሉ ዕድል ይሰጣል። ጸሐፊው የመረጠው ቃል ሞዴሉ ከፍተኛ ዕድል የሰጠው ከሆነ ጽሑፉ «የሚጠበቅ» ነው፤ ዝቅተኛ ዕድል የሰጠው ከሆነ «ያልተጠበቀ» ነው። የዚህ አማካይ መለኪያ ፐርፕሌክሲቲ ይባላል። የቋንቋ ሞዴሎች ራሳቸው ሲጽፉ በብዛት የሚመርጡት ከፍተኛ ዕድል ያላቸውን ቃላት ስለሆነ ጽሑፋቸው ዝቅተኛ ፐርፕሌክሲቲ ይኖረዋል። ብዙ መለያ መሣሪያዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚደገፉት በዚህ ነው። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በሰውና በማሽን ጽሑፎች የሠለጠኑ፣ አንድን ጽሑፍ «የሰው» ወይም «የማሽን» ብለው የሚመድቡ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነሱም ከጽሑፉ ውጭ የሚያዩት ነገር የለም። የሚያዩት የቃል ምርጫን፣ የዓረፍተ ነገር ርዝመትን፣ የአያያዥ ቃላትን ድግግሞሽና የመሳሰሉትን የጽሑፍ ገጽታዎች ነው።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። 10 ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር ወስደን ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ዕድል ሰጠው እንበል። ፐርፕሌክሲቲው 2 ይሆናል፤ ሞዴሉ በእያንዳንዱ እርምጃ በሁለት እኩል አማራጮች መካከል ያለ ያህል ነው ማለት ነው። ከ10ሩ ቃላት አንዱን ብቻ በትርጉም ተመሳሳይ በሆነ፣ ግን ሞዴሉ ከ1,024 አንድ ዕድል ብቻ በሚሰጠው ቃል እንተካ። ፐርፕሌክሲቲው ወደ 3.7 ያድጋል። ሁለት ቃላት ብንተካ ወደ 7 ይጠጋል። ስሌቱን ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል፦

```
2^((10×1)/10)        = 2
2^((9×1 + 1×10)/10)  ≈ 3.7
2^((8×1 + 2×10)/10)  ≈ 7.0
```

ሐሳቡ ያው ነው፤ ደራሲውም ያው ነው። ከ10 ቃላት ሁለቱ ብቻ ተለውጠው መለኪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ። ይህም የቀሩት 8 ቃላት ዕድላቸው እንዳለ ይቀራል ብለን ያቀለልነው ስሌት ነው። በእውነተኛ ጽሑፍ ግን የእያንዳንዱ ቃል ዕድል ከፊቱ ባሉት ቃላት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ አንድ ያልተለመደ ቃል ሲገባ ከኋላው የሚመጡትም ብዙ ጊዜ ዕድላቸው ይናጋል።

ፓራፍሬዘር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቃላትን በተመሳሳዮቻቸው ይተካል፣ የዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል ያዘዋውራል፣ ረጅሙን ይከፍላል፣ አጭሩን ያጣምራል። የመጀመሪያው ሞዴል የመረጣቸውን ቃላት የሌላ ሞዴል ምርጫ ይተካቸዋል። ለመጀመሪያው ሞዴል «የሚጠበቅ» የነበረው መስመር ይሰበራል፤ ፐርፕሌክሲቲው ሲጨምር የመለያው ውጤት ይወርዳል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ዲፐር የተባለ፣ 11 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ፓራፍሬዘር ሠርቶ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ዲቴክትጂፒቲ የተባለው መለያ በስህተት የሚጠቁማቸው የሰው ጽሑፎች ከ100 አንድ እንዲሆኑ ገደቡ ተስተካክሎ ሲፈተሽ፣ ፓራፍሬዝ ያልተደረጉትን የማሽን ጽሑፎች 70.3 በመቶ ይይዝ ነበር። ጽሑፎቹ በዲፐር ካለፉ በኋላ የያዘው 4.6 በመቶውን ብቻ ነው፤ የጽሑፎቹ ይዘት ግን ብዙም አልተለወጠም። ይህ የአንድ መለያ ውጤት ስለሆነ ቁጥሩን በሌሎች ላይ በቀጥታ አንጭንም። የወረደበት ምክንያት ግን ለሁሉም የጋራ ነው፤ የሚለካው የጽሑፉ ገጽታ ነው፣ ገጽታውም ተለውጧል።

ከዚህ የሚነሳው የመጀመሪያው ቅሬታችን መመሪያው ስለ ደርሶ መልስ ትርጉምና ስለ ቋንቋ እገዛ ምንም አለማለቱ ነው።

የደርሶ መልስ ትርጉም የምንለው አንድን ጽሑፍ በማሽን ወደ ሌላ ቋንቋ አስተርጉሞ እንደገና ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መመለስን ነው። ስለዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚወራው ማምለጫ ተብሎ ነው፤ የማሽን ጽሑፍ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የመጀመሪያው ሞዴል የቃላት ምርጫ ስለሚደመሰስ ውጤቱ ሊወርድ ይችላል። በሰው ጽሑፍ ላይ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚገባ ነው። የትርጉም ሞዴልም የቋንቋ ሞዴል ነው። ከሚችላቸው አባባሎች መካከል ከፍተኛ ዕድል ያለውን እየመረጠ ይጽፋል። «ዝናቡ ሳይታሰብ ወርዶ ማሳውን ዋጠው» ያለ ጸሐፊ «ዋጠው» የሚለውን ቃል የመረጠው ራሱ ነው። ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ አልፎ ሲመለስ «ያልተጠበቀ ዝናብ ማሳውን አጥለቀለቀው» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ትርጉሙ ደህና ነው፤ የጠፋው ያልተለመደው ቃል ነው። የፊደል ግድፈት፣ የአካባቢ አነጋገር፣ የተዘበራረቀ የዓረፍተ ነገር ርዝመት፣ እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ የተጻፈ ጽሑፍ ምልክቶች ናቸው፤ ትርጉሙም በመንገድ ላይ ያስተካክላቸዋል። ቀደም ሲል የሠራነውን ስሌት ወደ ኋላ ብናነበው ይህንኑ እናገኛለን፦ ሁለቱ ያልተጠበቁ ቃላት በተለመዱ ሲተኩ 7 የነበረው ወደ 2 ይወርዳል፤ ሰው የጻፈውም ማሽን የጻፈው ይመስላል።

አቅጣጫው ሁልጊዜ አንድ ነው አንልም። መነሻ ጽሑፉ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር፣ መሸጋገሪያ የሆነው ቋንቋ ከመነሻው ምን ያህል የራቀ እንደሆነ፣ የትኛው የትርጉም ሞዴል እንደተሠራበትና መለያው በምን እንደሠለጠነ ውጤቱን ይወስኑታል። ለዚህም ነው «ትርጉም ውጤቱን በዚህ ያህል ይጨምራል» ብሎ አንድ ማካካሻ ቁጥር ቀንሶ መሄድ የማይቻለው።

አሁን በእኛ መካከል የሆነውን ተመልከቱ። አንዲት ተማሪ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝቷን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ጽፋ፣ በትርጉም መሣሪያ ወደ ጥናቱ ቋንቋ መለሰችው፤ ከዚያም ከአማካሪዋ ጋር መስመር በመስመር አረመችው። የመጀመሪያው ረቂቅ በእጅ ጽሑፏ አለ። መመሪያችሁም የትርጉም መሣሪያን አይከለክልም። ምዕራፉ ከገደቡ በላይ ሆኖ ተመለሰ። በቀጥታ በጥናቱ ቋንቋ የጻፈችው የዘዴ ምዕራፍ ግን ከገደቡ በታች ነበር። ሁለቱንም የጻፈችው እሷ ናት፤ ልዩነቱ አንደኛው በትርጉም ሞዴል ማለፉ ነው። ሌላ ተማሪ ረቂቁ ከገደቡ በታች እንደሆነ አረጋግጦ፣ አማካሪው «ሰዋስውህን አስተካክል» ስላለው ብቻ በሰዋስው አራሚ መሣሪያ አሳልፎ የመሣሪያውን ሐሳቦች ሁሉ ተቀበለ። ያስገባው የታረመው ነበርና ከገደቡ አለፈ። በሁለቱም ጉዳዮች ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀው «ለምን ከፍ አለ?» የሚል ማብራሪያ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ተማሪ መልስ ሊኖረው አይችልም፤ መለያው ለቁጥሩ ምክንያት አይሰጥምና።

የሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊዎች ችግር በጥናትም የታወቀ ነው። በ2023 ፓተርንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሰባት መለያዎችን ወስዶ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች አስፈተሸ። ሁሉንም የጻፉት ሰዎች ናቸው። መለያዎቹ ግን በአማካይ 61.3 በመቶ የሚሆኑትን የማሽን ጽሑፍ አሏቸው። ምክንያቱ የቃላት ክልላቸው የጠበበ መሆኑ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውንና እርግጠኛ የሆነበትን የተለመደ ቃል ይመርጣል፣ ፐርፕሌክሲቲውም ይወርዳል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ እነዚሁን ድርሰቶች ለቻትጂፒቲ ሰጥተው ቃላቱን የአፍ መፍቻ ተናጋሪ እንደሚመርጣቸው አድርጎ እንዲያበለጽግ አዘዙት። በስህተት የሚጠቆሙት ወደ 11.6 በመቶ ወረዱ። ይህን ውጤት ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እንለምናለን፦ ሰው ብቻውን የጻፈው «የማሽን» ተባለ፤ ማሽን ከነካው በኋላ «የሰው» ተባለ። የ20 በመቶው መመሪያ የሚያምነው ይህን ዓይነቱን ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡ መለያዎች ተሻሽለናል ይላሉ፤ ሊሆንም ይችላል። የእኛ ጽሕፈት ቤት የሚጠቀምበት መለያ ግን በእኛ ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ ተሞክሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ቅሬታችን «አስተካክለህ አስገባ» የሚለውን አንቀጽ የሚመለከት ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ይመስለናል።

ጽሑፏ በስህተት የተመለሰባት ተማሪ ምን ታስተካክላለች? ራሷ ጽፋዋለች፤ የምታወጣው የማሽን ጽሑፍ የለም። ያላት መንገድ ቃላቱን እየለዋወጡ ቁጥሩ እስኪወርድ መሞከር ነው፤ ይህን በፍጥነት የሚያደርገው ደግሞ ፓራፍሬዘር ነው። ስለዚህ መመሪያው ኤአይ ያልተጠቀመችን ተማሪ ኤአይ እንድትጠቀም ይገፋል። ጽሑፉን በእርግጥ በማሽን ያስጻፈው ተማሪም ያንኑ መንገድ ይሄዳል፤ እሱ እንዲያውም ከማስገባቱ በፊት ይሄድበታል። በድጋሚው ፍተሻ ሁለቱም ከ20 በታች ሆነው ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ የተገኘው ዝቅተኛ ቁጥር የሚናገረው ጽሑፉ ፓራፍሬዝ መደረጉን እንጂ ማን እንደጻፈው አይደለም።

ጽሑፉም ይበላሻል። ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ በ2021 ባወጡት ጥናት በታተሙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ውስጥ የተጣመሙ ቃላትን ሰብስበው አሳይተዋል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» በሚለው የታወቀ ሐረግ ፋንታ «ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ተገኝቷል። ባለሙያ እንዲህ ብሎ አይጽፍም፤ የሙያ ቃል መሆኑን የማያውቅ ቃል ለዋጭ መሣሪያ ግን ይጽፋል። በእኛም አማካሪዎች እጅ «ትርጉም ያለው ልዩነት» የሚለው የስታቲስቲክስ አባባል «ጠቃሚ ልዩነት» ሆኖ የተመለሰበት ረቂቅ አለ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ላለመሆኑ የሚሰጥ ምስክርነት ሲሆን ሁለተኛው ልዩነቱ ለሰው ይጠቅማል የሚል ድምዳሜ ነው። ተማሪው ያን ድምዳሜ አልደረሰበትም። ፈታኙ ይህን ሲያይ ተማሪው ትምህርቱን አያውቅም ይላል፤ ስህተቱን የፈጠረው ግን ቁጥር ለማውረድ የተደረገ ሩጫ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ጽሕፈት ቤቱ «ጥቂት ያመልጡናል፣ የያዝናቸው ግን በእርግጥ ጥፋተኞች ናቸው» በሚል እምነት መሥራቱ ነው። በስብሰባም ይህ ተደጋግሞ ሲነገር ሰምተናል። ማምለጥ የተያዙትን የማይነካ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን እንደዚያ አይልም። ለማስረዳት እንዲመች በመረጥናቸው ቁጥሮች እናሳይ፤ የእናንተን ቁጥሮች ስታገኙ ራሳችሁ ተክታችሁ ትሠሩታላችሁ።

1,000 የመመረቂያ ጽሑፎች ገቡ እንበል። 200ዎቹ በማሽን የተጻፉ፣ 800ዎቹ ሰው የጻፋቸው ናቸው። መለያው ከማሽን ጽሑፎች 80 በመቶውን ይይዛል፤ ከሰው ጽሑፎች 2 በመቶውን በስህተት ይጠቁማል። ስለዚህ 160 ጥፋተኞችና 16 ንጹሐን፣ በድምሩ 176 ሰዎች ይጠቆማሉ። ከተጠቆሙት ንጹሐን የሆኑት 9 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ በራሱ ትንሽ አይደለም፤ ቢሆንም እንለፈው።

አሁን 200ዎቹ ስለ ፓራፍሬዘር ሰሙና ተጠቀሙ። መለያው ከእነሱ የሚይዘው ወደ 10 በመቶ ወረደ፤ 20 ሰዎች ማለት ነው። በስህተት የሚጠቆሙት 16ቱ ግን የትም አልሄዱም። የተጠቆሙት 36 ሆኑ፤ ከእነሱም 44 በመቶው ንጹሐን ናቸው። መለያው አልተለወጠም፣ ገደቡም አልተለወጠም፤ በስህተት የመጠቆም መጠኑም ያው 2 በመቶ ነው። የተለወጠው ጥፋተኞቹ ከመዝገቡ መውጣታቸው ብቻ ነው፤ የተጠቆመ ሰው ጥፋተኛ የመሆን ዕድል ግን ከ91 በመቶ ወደ 56 በመቶ ወረደ።

በመጨረሻ ከ800ዎቹ ንጹሐን 200ዎቹ የተፈቀደ ትርጉም ወይም ሰዋስው አራሚ ተጠቀሙ፤ በእነሱ ላይ የስህተት መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ እንበል። ከእነሱ 20፣ ከቀሩት 600ዎቹ 12፣ በድምሩ 32 ንጹሐን ይጠቆማሉ። ከ20ዎቹ ጥፋተኞች ጋር 52 ይሆናሉ። ከተጠቆሙት ከአሥሩ ስድስቱ ምንም አላጠፉም። ይህ ኮሚቴ በፊቱ የቀረበለትን ሰው በቁጥሩ ብቻ ጥፋተኛ ቢል፣ በአብዛኛው የሚቀጣው ንጹሑን ነው።

መለያ ሠሪዎች በስህተት የመጠቆም መጠናችን ከ1 በመቶ በታች ነው ሲሉ እንኳ ይህ ችግር አይፈታም፤ ያ ቁጥር የተለካው ባልተነካካ ጽሑፍ ላይ ከሆነ የታረመና የተተረጎመ ጽሑፍ ላይ አይሠራም። አንዳንዶቹ ደግሞ መለያቸውን በፓራፍሬዝ በተደረጉ ጽሑፎች ጭምር አሠልጥነው ፓራፍሬዝ የተደረገውንም እንይዛለን ይላሉ። ያኔ መለያው የሚማረው የፓራፍሬዘርን አሻራ ነው። ያንን አሻራ ግን የራሷን ጽሑፍ በሰዋስው አራሚ ያሳለፈችው ተማሪም ትተዋለች። የሚያመልጡትን ለመያዝ ሲሞከር፣ በስህተት የሚያዙትም አብረው የሚጨምሩበት ሁኔታ ይፈጠራል።

የውኃ ምልክት የሚባለው ዘዴ ይሻላል የሚል ሐሳብም ከአንዳንድ የኮሚቴው አባላት ቀርቧል። በዚህ ዘዴ ጽሑፉን የሚያመነጨው ሞዴል በምስጢር የተመረጡ ቃላትን በዝተው እንዲወጡ ያደርጋል፤ ኋላ ምስጢሩን የያዘ ሰው ቆጥሮ ያረጋግጣል። በስህተት የመጠቆም መጠኑ በስሌት ሊታወቅ ስለሚችል ከሌሎቹ የተሻለ መሠረት አለው። ነገር ግን ምልክቱ የሚኖረው በቃላቱ ውስጥ ነው፤ ፓራፍሬዝና ትርጉም ቃላቱን ሲተኩ ምልክቱም ይሳሳል። ምልክት የማያደርግ ሞዴል የተጠቀመን ተማሪም አይይዝም። ስለዚህ በዚህ ዘዴም ምልክት አለመገኘቱ ስለ ጽሑፉ ባለቤት ምንም አያረጋግጥም።

ይህ ሁሉ ለሙያው አዲስ ነገር አለመሆኑንም ልናስታውስ እንወዳለን። ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 ያወጣውን መለያ ዝቅተኛ ትክክለኛነቱን ምክንያት አድርጎ በዚያው ዓመት ሐምሌ አንስቶታል፤ በራሱ ግምገማ መለያው ከማሽን ጽሑፎች የያዘው 26 በመቶውን ሲሆን ከሰው ጽሑፎች 9 በመቶውን በስህተት ጠቁሟል። ቻትጂፒቲን የሠራው ድርጅት ያልደፈረውን ውሳኔ የእኛ ጽሕፈት ቤት በአንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ሊወስን አይገባውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በቅድሚያ፣ በቁጥሩ ብቻ ጽሑፍ የሚመለስበትና ተማሪ ወደ ኮሚቴ የሚመራበት አሠራር ከዛሬ ጀምሮ እንዲታገድ፤ በዚሁ ምክንያት የተያዙት ጽሑፎች ወደ ፈታኞች እንዲላኩ እንጠይቃለን። «አስተካክለህ አስገባ» የሚለው አንቀጽ ግን ሊታገድ ሳይሆን ሊሰረዝ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ መለያው በእኛው ጽሑፎች ላይ እንዲፈተሽ እንጠይቃለን፤ ሥራውን እኛ በነጻ እንሠራለን። አካሄዱ ይህ ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀበት ከኅዳር 2022 በፊት የገቡ፣ በኢንተርኔት ላይ ያልወጡ የተማሪ ጽሑፎችን ከመዝገብ ቤት ማውጣት። ያልወጡ መሆናቸው አስፈላጊ ነው፤ ሞዴሎች በሥልጠናቸው ያዩትን ጽሑፍ በቀላሉ ስለሚገምቱት ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንኳ በአንዳንድ መለያዎች የማሽን ጽሑፍ የተባለው በዚህ ነው። ከዚያ ዋቢ ጽሑፎችን፣ ሠንጠረዦችንና ጥቅሶችን አውጥቶ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 300 ቃላት ያለው ተከታታይ ክፍል መውሰድ። እያንዳንዱን ክፍል በአራት መልክ ማዘጋጀት፦ እንዳለ፣ በሰዋስው አራሚ ታርሞ፣ በደርሶ መልስ ትርጉም አልፎ፣ በፓራፍሬዘር ተለውጦ። አራቱንም በአንድ ቀን፣ በአንዱ የመለያ ስሪት ማስፈተሽ፤ መለያዎች በየጊዜው ስለሚታደሱ በተለያየ ቀን የተገኙ ውጤቶች አይነጻጸሩም። ሁሉም ሰው የጻፋቸው ስለሆኑ «እንዳለ» ከገባው መካከል ገደቡን ያለፈ ሁሉ የመለያው ስህተት ነው፤ በሌሎቹ ሦስት መልኮች የሚታየው ደግሞ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው።

የናሙናው ብዛት ላይ እንድትጠነቀቁ እናሳስባለን። 40 ጽሑፎች ተፈትሸው አንድም በስህተት ባይጠቆም «ስህተት የለውም» ማለት አይቻልም፤ 3ን ለ40 ስናካፍል እንደምናገኘው፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የሚቻለው የስህተቱ መጠን ከ7.5 በመቶ አይበልጥም ብቻ ነው። ከ1 በመቶ በታች ነው ለማለት ቢያንስ 300 ጽሑፎች ተፈትሸው አንድም መጠቆም የለበትም። ውጤቱም ለመላው የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ይፋ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬ ሲነሳ ማስረጃው ከቁጥር ውጭ ይፈለግ። የረቂቆች ቅደም ተከተል፣ የሰነዱ የለውጥ ታሪክ፣ የመስክ ማስታወሻና ጥሬ መረጃ፣ በመጀመሪያ ቋንቋ የተጻፈ ረቂቅ ካለ እሱ ይቅረብ። ከዚያም ተማሪው ከአማካሪውና ከአንድ የውጭ ፈታኝ ጋር ተቀምጦ ስለ ጽሑፉ 30 ደቂቃ ይጠየቅ፦ ይህን ዘዴ ለምን መረጥህ? ይህ ሠንጠረዥ ከየት መጣ? ይህን ምንጭ ስታነብ ከየትኛው ክርክሩ ጋር አልተስማማህም? እነዚህ ጥያቄዎች ፓራፍሬዘር የማይነካውን ነገር ይመረምራሉ።

አራተኛ፣ የትኛው የቋንቋ እገዛ እንደተፈቀደ በግልጽ ይጻፍ፤ ተማሪውም የተጠቀመበትን የትርጉምና የእርማት መሣሪያ በመግቢያው ላይ በአንድ አንቀጽ ይግለጽ። የገለጸ ሰው በገለጸው ነገር እንዳይከሰስም መመሪያው ዋስትና ይስጥ።

እስካሁን በዚህ መመሪያ ጉዳያቸው ወደ ኮሚቴ የተመራ ተማሪዎች መዝገብ ከላይ በሦስተኛው ጥያቄ በተገለጸው መንገድ እንደገና እንዲታይ፣ ውሳኔውም ለእያንዳንዳቸው በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲደርሳቸው እንጠይቃለን። የመከላከያ ቀናቸው ያለፈባቸው ተማሪዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ቀን ይያዝላቸው። የጽሑፍ ምላሻችሁን ከመጪው የኮሚቴው መደበኛ ስብሰባ በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ተወካዮች
የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ መምህራን
የቋንቋ ቴክኖሎጂና የስታቲስቲክስ መምህራን

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት
ለተማሪዎች ኅብረት
ለመምህራን ማኅበር